ስንተኛ ቀንሽ ነው?

የሙከራ ጊዜዬን የቆጠርኩት በግድግዳ ካላንደር ነበር፣ እሑዱን ሁሉ ጨምሬ። ስድሳ ቀን ሲሞላኝ «ቋሚ ሆንኩ» ብዬ ካሸሯን ማኪያቶ ጋበዝኳት። ከሻይ ቤት ስንመለስ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጠራችኝ።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«ዛሬ ስድሳ ሞላኝ።»

«የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው፣ የኔ እህት። እሑዶቹንና በዓሏን አውጪልኝ። ሃምሳ አንደኛሽ ነው።» ትንሽ ዝም አለችና «ዘጠኝ ቀን አለሽ» አለችኝ።

ማስፈራሪያ ይሁን ምክር እስካሁን አልገባኝም።

አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሻል። አንቺም ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችያለሽ። ካለፈ በኋላ ግን ለመውጣት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። እኔ የማውቀው እነሱ ማሰናበት እንደሚችሉ ብቻ ነበር።

ሥራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልሄደም። ድርጅቱ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ነው። የቀድሞው አካውንታንት ስልኩን ዘግቶ ሄዷል፤ ርክክብ የሚባል ነገር አልነበረም። ባንኩና መዝገቡ ከታረቁ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። የኛ መዝገብ ከባንኩ በ187,450 ብር ይበልጣል። የፋይናንስ ኃላፊያችን ታዲያ ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት፣ «አዲሷ ልጅ ከመጣች ወዲህ ባንኩ አልታረቀም» አለ። ሰባት ወር ሙሉ ያልታረቀው በኔ ሁለት ወር ተጠያቂ ሆነ። ይቺን አልረሳትም።

የዚያን ዕለት ማታ መልቀቂያዬን ጻፍኩ። ግን አላስገባሁትም፣ አጎቴ ተያዥ ሆኖልኛል። ብሩ እንደጎደለ ብወጣ የሚጠሩት እሱን ነው። እሱም ሲሰማ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መውጣቱን ውጪ፣ ፊርማዬን ግን ይዘሽልኝ ነይ።»

ስለዚህ ማምሸት ጀመርኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ከታረቀው ወር ተነሳሁ፤ ስቴትመንቱን በግራ፣ ሌጀሩን በቀኝ ዘርግቼ መስመር በመስመር ምልክት አደረግኩ። መጀመሪያ የወጣው የባንክ አገልግሎት ክፍያ ነው፤ ማንም አልመዘገበውም፣ ተደምሮ 4,450። ቀጥሎ 138,000 ብር የደንበኛ ቼክ። እኛ ገቢ ብለነዋል፤ ባንኩ ግን በሦስተኛው ቀን በቂ ስንቅ የለውም ብሎ መልሶ ቀንሶታል። መዝገባችን ላይ ማንም አላነሳውም።

የቀረው 45,000 ድፍን ነው። ለዘጠኝ አካፈልኩት፣ 5,000 መጣ። ልዩነት ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተገለባበጠ ቁጥር ነው። የአቅራቢዎችን ቼክ አገላበጥኩ። አገኘሁት፦ 94,300 የተከፈለው 49,300 ተብሎ ተመዝግቧል። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

በሃምሳ ስድስተኛው ቀን አንድ ገጽ ይዤ ኃላፊው ጋ ገባሁ። ክፍያውን አየ፣ «ጥሩ»። የተገለበጠውን አየ፣ «ጎበዝ»። ቼኩ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን ተይው። ሰውዬው የቤት ሰው ነው።»

«እሺ፣ የት ልመዝግበው?»

«ሰስፔንስ ውስጥ አድርጊው።» ምንነቱ ያልተለየ ብር ለጊዜው የሚቀመጥበት ሂሳብ ነው።

«ተሰብሳቢ ላይ በስማቸው ዕዳ አድርጌ ልመልሰው እንጂ...»

«አንቺ ልጅ፣ ሰስፔንስ አልኩሽ።»

ወረቀቱ ግርጌ ሦስት መስመር አለ፦ ያዘጋጀው፣ ያጣራው፣ ያጸደቀው። የኔ ስም ያለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው። እስክሪብቶ አቀበልኩት። «ቆይ፣ በኋላ» አለና ስልኩን አነሳ። ማንም አልደወለለትም።

እስከዚያች ደቂቃ ጥያቄዬ ሥራውን እችለዋለሁ ወይ የሚል ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ራሴን ስጠረጥር ከረምኩ። ለካ የተፈለገው እንዳይገኝ ነው፤ እኔ ደግሞ አገኘሁት።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ያንኑ መልቀቂያ ቀኑን ብቻ ቀይሬ አስገባሁ። ርክክቡን በሦስት ኮፒ አዘጋጀሁ። ኃላፊው አልፈረመም፤ ካሸሯና የሰው ኃይሏ ምስክር ሆነው ፈረሙ። ክሊራንሴን አዞርኩ፣ የአጎቴን የዋስትና ወረቀት ይዤ ወጣሁ። የሁለት ወር የሥራ ልምድ አልጠየቅኩም፣ ማን ያየዋል? በኋላ ግን ቆጨኝ። ሲቪዬ ላይ ያለችውን ክፍተት እያንዳንዱ ጠያቂ ያገኛታል።

ሦስት ወር ቆይቶ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ቀጭን የሴት ድምፅ።

«ቁጥርሽን ካሸሯ ሰጥታኝ ነው፣ ይቅርታ። ሰስፔንስ ውስጥ 138,000 ብር አለ። ምንድን ነው? አዲሷ ልጅ ከመጣች ወዲህ ነው እያሉኝ ነው።»

የርክክቡን ኮፒ ከመሳቢያ አወጣሁ።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አልኳት።

«ሃምሳ ሦስት።»

«እሑድን ጨምረሽ ነው?»