ለማን ነው? ስንት ብር ይዘዋል? የእንቁጣጣሽ ስጦታ መምሪያ የጻፍኩበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ ላለ አንድ የባህል ዕቃና የስጦታ ሱቅ የቴሌግራም ጽሑፎች እሠራለሁ። ሱቁ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የቡና ዕቃ፣ ማር፣ የቆዳ ቦርሳና የመሳሰሉትን ይሸጣል። ለእንቁጣጣሽ የስጦታ መምሪያ እንድጽፍላቸው ሲጠይቁኝ፣ ከሁሉ በፊት የሱቁን ኢንቦክስ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ደንበኞች የሚጽፉት ነገር በጣም ይመሳሰላል። «ለእናቴ የሚሆን ነገር ፈልጌ ነበር፣ ሦስት ሺህ ብር አካባቢ።» «አማቴ ቤት ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም፣ ከሺህ አምስት መቶ ባይበልጥ ደስ ይለኛል።» «ወንድሜ አዲስ ቤት ገብቷል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ሰው ይዞ የሚመጣው ሁለት ነገር ነው፤ የሚሰጠውን ሰውና የያዘውን ብር። ቻናሉ ግን የተደረደረው በዕቃ ዓይነት ነበር። የሸማ ሥራ ለብቻው፣ ሸክላ ለብቻው፣ ቆዳ ለብቻው። ይህ አደራደር ለመጋዘን ይመቻል። ስጦታ የሚፈልግ ሰው ግን ሁሉንም እያየ፣ ለእናቱ የሚሆነውን ራሱ መርጦ፣ ዋጋውንም ራሱ ደምሮ መጨረስ አለበት። አብዛኛው ሰው እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ መጀመሪያ በሰው፣ ቀጥሎ በብር ለመክፈል ወሰንኩ። ሰውን ማስቀደም ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ለአባት ስጦታ የሚፈልግ ሰው የሺህ ብርና የአምስት ሺህ ብር ምርጫዎችን አስተያይቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ብር ስላነሰው ግን ለአባቱ የታሰበውን ለሥራ ባልደረባው አያደርገውም።

«ለሴት» እና «ለወንድ» የሚለውን ክፍፍል ገና ከጅምሩ ተውኩት። ለእናትና ለሥራ ባልደረባ የሚሰጠው ነገር አንድ አይደለም፤ ሁለቱም ሴቶች ቢሆኑም። ኢንቦክሱ ውስጥ ደጋግመው የመጡትን ወስጄ አምስት ክፍል አደረግኩ፦ ለእናት፣ ለአባት፣ ለአማት፣ አዲስ ቤት ለገባ፣ ለሥራ ባልደረባ። ብዙ ሰው ክፍሎቹን መጨመር ይወዳል። እኔ እስከ ዛሬ ከአምስት በላይ አልወጣሁም፤ አንድ ሰው ሦስት ክፍል ውስጥ ከተገኘ ፈላጊው ሦስቱንም መክፈት አለበትና።

«ለአማት» የሚለው ብቻውን ክፍል መሆኑ አንዳንድ ሰው ይገርመዋል። ግን ለእናት የሚገዛ ሰው እናቱን ያውቃል፤ ምን እንዳላት፣ ምን እንደጎደላት ያውቃል። ለአማት የሚገዛ ሰው አያውቅም፣ መሳሳትም አይፈልግም። ስለዚህ የዚህ ክፍል ጽሑፍ የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው። ልክ የማያስፈልገው ይሁን፣ ከዚህ በፊት ቢኖራቸውም የማይተርፍ ይሁን፣ እንግዳ ፊት ሲሰጥ ማሸጊያው የሚያኮራ ይሁን። ማር እዚህ ክፍል ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀሚስ የቀረውም በዚሁ ምክንያት።

ወደ ብሩ ስመጣ ወሰኖቹን ከራሴ አላወጣኋቸውም። ሰዎች ሲጽፉ የሚጠሯቸው ቁጥሮች የታወቁ ናቸው። ሺህ አምስት መቶ፣ ሦስት ሺህ፣ ስድስት ሺህ። ክፍሎቹም «እስከ 1,500»፣ «እስከ 3,000»፣ «እስከ 6,000» ሆኑ። ከስድስት ሺህ በላይ ያለው ለብቻው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ከሱቁ ባለቤት ጋር ብዙ ተነጋግረናል። እንደ ብዙ ሱቅ እነሱም «ዋጋ በኢንቦክስ» ነበር የሚሉት። ምክንያታቸውን እረዳለሁ፤ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፣ ተፎካካሪም ያያል። በበጀት የተከፈለ መምሪያ ግን ዋጋ ደብቆ አይሠራም። «እስከ 3,000» ብሎ ጽፎ ዋጋውን አለመናገር ደንበኛውን እንደገና ወደ ጥያቄ መመለስ ነው። በመጨረሻ ዋጋው እንዲጻፍና እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ እንዲገለጽ ተስማማን።

ዋጋ ስል ደግሞ ደንበኛው በመጨረሻ የሚከፍለውን ነው። አንድ ጋቢ ሱቁ ውስጥ 2,800 ብር ነው እንበል። ማሸጊያው 150፣ ዴሊቨሪው 300 ብር ይጨመርበታል። ድምሩ 3,250 ይሆናል። ይህ ጋቢ «እስከ 3,000» ውስጥ መግባት የለበትም። ሦስት ሺህ ብር ብቻ የያዘ ሰው ወዶት፣ መርጦት፣ መጨረሻ ላይ 250 ብር ሲጎድለው ያዝናል፤ ሌላውንም ዋጋ አያምንም። ጋቢው ወደ «እስከ 6,000» ወጣ።

ከጣሪያው በታች ክፍተት መተውም ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ክርና ማሸጊያ ዋጋቸው አንድ ቦታ አይቆምም። 2,950 የሆነ ዕቃ በሳምንቱ 3,100 ይሆንና ከክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ ድምሩ ከጣሪያው ቢያንስ በአሥር በመቶ የሚያንስ ዕቃ ብቻ አስገባለሁ። «እስከ 3,000» ማለት ለእኔ እስከ 2,700 ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልግባ። ቀድሞ የነበረው የቡና ስብስብ መግለጫ እንዲህ ይል ነበር፦ «ውብ የባህል የቡና ስብስብ። ለሁሉም የሚሆን ምርጥ ስጦታ። ዋጋ በኢንቦክስ።» ለሁሉም የሚሆን ሲባል ለእኔ እናት ይሆናል አይሆንም የሚለው አይታወቅም። አዲስ ቤት ለገባ በሚለው ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«አዲስ ቤት ለገባች ጓደኛ። ዕቃዋ ገና ካርቶን ውስጥ ቢሆንም በዚያው ቀን ቡና ታፈላለች። ጀበና ከነማቶቱ፣ 6 ስኒ፣ ግማሽ ኪሎ የተቆላና የተፈጨ ቡና። ጀበናው ተሟሽቶ ይመጣል፤ መቀመጫው ጠፍጣፋ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይም ይሆናል። ማሸጊያና ዴሊቨሪ ጨምሮ 2,700 ብር።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የመጣው ከኢንቦክስ ነው። «ተሟሽቷል ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ነበሩ። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና ከተፈላበት ውሃ ያዣል፣ ቡናውም የሸክላ ጣዕም ይይዛል። «በዚያው ቀን» ብዬ ልጽፍ የምችለው ሱቁ አሟሽቶ የሚልክ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጻፌ በፊት ጠየቅኩ፤ እነሱም ከዚያ ወዲህ አሟሽተው መላክ ጀመሩ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ ከሰል ማንደጃ ቦታ ላይኖረው ይችላል፤ የምድጃው ነገር የተጻፈው ለእሱ ነው።

ይኸው ስብስብ «ለእናት» ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጽሑፍ መገልበጥ አይቻልም። እናት ጀበና አላት፤ የለመደችውን ጀበና በሌላ አትለውጥም። ቡናም ራሷ ቆልታ፣ ጭሱን አሽትታ ነው የምታፈላው፤ የተፈጨ ብትልኩላት ለጎረቤት ትሰጠዋለች። የሚጎድላት ስኒ ነው፤ ስኒ እየተሰበረ ያልቃል። ለእናት የሚሆነውን ስጽፍ ጀበናው ወጣ፣ በምትኩ 12 ስኒና አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ገባ። ጽሑፉ ስብስቡን ራሱን ለወጠው ማለት ነው። አንድ ዕቃ ሁለት ክፍል ውስጥ ሲገባ ለሁለቱም የሚሆን አንድ መግለጫ ለመጻፍ ከመታገል፣ ለዚህኛው ሰው ምኑ ይጠቅመዋል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በሸማ ሥራ ላይ ያየሁትም አለ። ጥለቱ መስቀል የሆነ ነጠላ ከሆነ ይህን በግልጽ እጽፋለሁ። በፎቶ ላይ ትንሽ ሆኖ ሊታለፍ ይችላል፤ ለሙስሊም አማት ወይም ባልደረባ የሚገዛ ሰው ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ጋቢ ሲሆን አራት እጥፍ መሆኑን፣ ማጉ የእጅ ፈትል ወይም የፋብሪካ ክር መሆኑን፣ ርዝመቱንና ወርዱን በሜትር እጽፋለሁ። የሁለት ጋቢዎች ዋጋ ለምን እንደሚለያይ የሚነግረው ይህ ነው። «ጥራት ያለው» የሚለው ቃል ያንን አይነግርም።

በአማርኛ ስንጽፍ የሚገጥም አንድ ችግር አለ። ገዢውን በአክብሮት «እርስዎ» እንላለን፤ እናትና አባትንም «እሳቸው» እንላለን። ግሡ ግን አንድ ነው። «በብርድ ጠዋት ይለብሱታል» ስል የሚለብሰው ማን ነው? ገዢው ወይስ አባት? በስጦታ ጽሑፍ ውስጥ ይህ መደባለቅ ያሳስታል፤ አንባቢው ለራሱ የሚገዛ ይመስለዋል። ስለዚህ ተቀባዩን በስሙ እጠራለሁ፦ «አባትዎ በብርድ ጠዋት ይለብሱታል።» አንድ ቃል ይጨምራል፣ ጥርጣሬውን ግን ያጠፋዋል።

ቅርጹን የወሰነልኝ ቴሌግራም ነው። አንድ አልበም እስከ አሥር ፎቶ ይይዛል፤ ከሥሩ የሚጻፈው በተራ አካውንት 1,024 ፊደል ነው። ሦስት የብር ክፍል፣ በእያንዳንዱ ሦስት ዕቃ፣ አንድ የሽፋን ፎቶ ሲደመር አሥር ይሞላል። 1,024 ፊደል ለዘጠኝ ሲካፈል ግን ለአንዱ መቶ ፊደል ያህል ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ በአልበሙ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ ሙሉ መግለጫው በራሱ ፖስት ላይ ሆኖ በሊንክ ተያያዘ። ከላይ ፒን የተደረገው ፖስት የአምስቱን ክፍሎች ሊንክ ብቻ ይዟል። የዕቃ ዋጋ እዚያ አልጻፍኩም፤ ዋጋ ሲለወጥ ሁለት ሦስት ቦታ ማረም አንዱን ማስረሳቱ አይቀርም።

የእያንዳንዱ ዕቃ ፖስት ለብቻው ሲነበብም ሙሉ መሆን አለበት። ሰዎች ፎርዋርድ የሚያደርጉት መምሪያውን ሳይሆን ያንን አንዱን ፖስት ነውና። ከ6,000 ብር በላይ ያለው ክፍል ላይ ይህ ጎልቶ ታየኝ። እዚያ ያሉትን ብቻውን የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። አንዷ ዋሽንግተን፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው እህትና ወንድም ለእናታቸው በጋራ ያዋጣሉ። ፖስቱ በቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ ይላካል። ስለዚህ የዚህን ክፍል መግለጫዎች የምጀምረው «ልጆች በጋራ ለእናታቸው» ብዬ ነው። ቀጥሎ ውጭ ያለው ሰው የሚጠይቀውን እመልሳለሁ፦ ማን ያደርሳል፣ የላኪዎቹ ስም ካርድ ላይ ይጻፋል ወይ፣ ሲደርስ ፎቶ ይላካል ወይ።

መግለጫው መሥራት አለመሥራቱን የማውቀው ከላይክ ብዛት አይደለም። ስለ አንድ ዕቃ ኢንቦክስ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲደጋገም ያ ጥያቄ የጎደለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወዲያው ገብቼ እጨምረዋለሁ። «ለአባቴ ይሆናል ወይ?» የሚል ከመጣ ተቀባዩ በግልጽ አልተጻፈም ማለት ነው። «በአጠቃላይ ስንት ይሆናል?» ከመጣ ዋጋው ላይ የሚጨመር ነገር እንዳለ ደንበኛው ጠርጥሯል። መልእክቱ «ይሄን ፈልጌ ነበር፣ አድራሻው ሲኤምሲ ነው» የሚል ሲሆን ጽሑፉ ሥራውን ጨርሷል።

ለገና መምሪያውን እንደገና ስከፍት የብር ወሰኖቹን ከአዲሱ ኢንቦክስ ጋር አስተያያለሁ። ሰዎች «አራት ሺህ አካባቢ» ማለት ጀምረው ከሆነ «እስከ 3,000» የሚለው ይቀየራል፤ በውስጡ ያሉት ዕቃዎችም እንደገና ተደምረው ይመዘናሉ።