ጋሼ ፈቃድ ሲወጡ ቢሮው እንዳይቆም

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለች ትንሽ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ነው። የነጋዴዎችን ሂሳብ እንይዛለን፣ በየወሩ ቫትና የደመወዝ ግብር እናሳውቃለን። ሥራው ሁሉ የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነበር፦ በዋናው የሂሳብ ባለሙያችንና በአንድ የፋይበር መስመር። ባለሙያውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሂሳብ የምንይዝበት ፒችትሪ የሚባለው ሶፍትዌር ያለው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ነው። የደንበኞቹ የይለፍ ቃል እሳቸው ጋ ነው። የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚመጣው እሳቸው ስልክ ላይ ነው።

የቢሮው ባለቤት «አንድ ነገር ቢፈጠር ሥራው የሚቀጥልበትን እቅድ ጻፍ» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ቅጾች በእሳት፣ በጎርፍና በመሬት መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ትቻቸው ሌላ ጥያቄ ያዝኩ፦ ጋሼ ነገ ባይመጡ መጀመሪያ የሚቆመው ምንድን ነው? ከቆመስ ስንት ቀን መታገስ ይቻላል?

መልሱን ለማግኘት እሳቸው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀመጥኩ። ጋሼን የሚጠይቅ ሁሉ ምን እንደጠየቀ በአንድ መስመር ይጽፋል። ደብተሩ ወሩን ሙሉ ቆየ፤ የወር መጨረሻው ሥራ በመጀመሪያው ሳምንት አይታይማ። ሲሞላ ሳየው አብዛኛው ጥያቄ የሂሳብ እውቀት የሚጠይቅ አልነበረም። «የእገሌ ፋይል የት ነው?» «ይሄን ወጪ የት እናስገባው?» «ቁጥሩ መጣልዎት?» የመሳሰለ ነው። ይሄ ደስ አሰኘኝ። ሙያን በወረቀት ማስተላለፍ ይከብዳል፣ የፋይል ቦታን ግን ማንም ይጽፈዋል።

ቀጥሎ ሥራዎቹን በቀናቸው ደረደርኳቸው። የአንድ ወር ቫት የሚታወቀው እስከ ቀጣዩ ወር መጨረሻ ነው። ስለዚህ ጋሼ ወር በገባ በ10 ቢታመሙ ብዙም አይጎዳም። በ28 ቢታመሙ ግን ቅጣቱ ደንበኛው ደጃፍ ይቆማል። ይሄን ስናይ ከእቅዱ ሁሉ ርካሹን እርምጃ ወሰድን፦ ቀኑን ወደፊት ሳብነው። ደንበኛ ደረሰኙን እስከ 10 ያመጣል፣ ማሳወቂያው በ20 ተዘጋጅቶ ያልቃል። የቀሩት ቀናት የመጠባበቂያ ናቸው። ደንበኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ። በ10 ያላመጣ በሰልፉ መጨረሻ እንደሚሠራለት ሲያዩ ግን ለመዱት።

አሁን ጋሼ ጋ መሄድ ነበረብኝ። ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልታሰናብቱኝ ነው እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ ፈቃድ እንዲወጡ ነው እንጂ። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት?»

አላስታወሱም። እውነት ለመናገር ጥርጣሬያቸው አይፈረድበትም። ሁሉን ጻፍልኝ የሚል አለቃ ምን እንዳሰበ ማን ያውቃል? ባለቤቱ ራሱ መጥቶ አነጋገራቸው። ያለዚያ የምጽፈው ሁሉ ግማሹን ብቻ የሚናገር ሰነድ ይሆን ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ልልቀቅ ከሚል ሠራተኛ የሚጠይቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ርክክቡ ያኔ ይጀመር ብሎ መጠበቅ ማለት አንድ የወር መዝጊያ ብቻ አብሮ መሥራት ማለት ነው።

ጽሑፉን ጋሼ እንዲጽፉት አላደረግንም። ሰው የለመደውን ሥራ ሲጽፍ ቀላል የሚመስለውን ይዘላል። ስለዚህ ወጣቷ የሂሳብ ሠራተኛ ኪቦርዱን ያዘች፣ ጋሼ እጃቸውን ሰብስበው ጎኗ ተቀመጡ። እሷ የገባትን ትሠራለች፣ ስትቆም ትጠይቃለች፣ የጠየቀችውን እኔ እጽፋለሁ። ከአንድ ደንበኛ ቫት ብቻ ሁለት ገጽ ወጣ።

ከዚያ ባክአፑ መጣ። ጋሼ በየሳምንቱ የፒችትሪ ባክአፕ በፍላሽ ይይዛሉ፤ ጥሩ ነው። ግን በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ አያውቅም። ስንሞክር እምቢ አለ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፒችትሪ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ካለው የቆየ ቨርዥን ነበር፣ በአዲሱ የተያዘ ዳታ ደግሞ በአሮጌው አይከፈትም። እቅዱ ላይ «ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቨርዥን ይኑር» የሚል መስመር የገባው ለዚህ ነው። ሌላም ወጥመድ አለው። ሪስቶር ስታደርጉ ዳታውን ነባሩ ድርጅት ላይ ልጫነው ወይስ አዲስ ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። ለሙከራ ሁልጊዜ `A New Company` የሚለውን ምረጡ። ያለዚያ የቆየው ባክአፕ የዛሬውን ሥራ ጠራርጎ ያጠፋዋል።

የይለፍ ቃሎቹን በታሸገ ፖስታ አድርገን ካዝና ውስጥ አስገባናቸው። ማሸጊያው ላይ ጋሼና ባለቤቱ ፈርመዋል፤ የከፈተው ሰው ቀንና ምክንያት ይጽፋል። የይለፍ ቃል በተቀየረ ቁጥር ፖስታውም ይቀየራል። የማረጋገጫ ቁጥሩን በድርጅቱ ስም ወደወጣ ሲም ካርድ አዛወርነው። ስልኩ ከቢሮ አይወጣም። ቼክ ላይም ሦስተኛ ፈራሚ ባንክ አስመዘገብን።

ኢንተርኔቱ ቀለል ያለ ነበር። ፒችትሪ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መስመሩ የሚያስፈልገን ለማሳወቂያ፣ ለባንክና ለኢሜይል ብቻ ነው፣ እሱም ትንሽ ዳታ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ፋይበር አላስገባንም። ከሌላኛው ኦፕሬተር ሲም ካርድና ትንሽ የዋይፋይ ራውተር ገዛን። ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ይሄ አማራጭ አለ። ሁለቱም መስመር ከአንድ ኩባንያ ከሆነ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። የሞከርነው ግን ጠዋት በባዶ ኔትወርክ አይደለም፣ በወር መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀስ አለ እንጂ ሠራ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፋይበሩ ደህና ሆኖ ሳጥኑና ራውተሩ ይጠፋሉ። ሁለቱ አንድ ላይ 24 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ተራ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ነው። ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላውን ቀንሱና ወደ ሁለት ሰዓት ይቀራል፣ ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። ኮምፒውተር ከሰካችሁበት ግን ሒሳቡ ፈረሰ። እኛ ዩፒኤሱ ላይ «ለራውተር ብቻ» ብለን ለጠፍን። ቻርጀር የሚሰካ ሰው አሁንም አልጠፋም።

ሁለት ኦፕሬተር የማይፈታው ነገር አለ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ እቅዳችን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ በ20 ያለቀው ማሳወቂያ ይታተማል፣ በፍላሽም ይያዛል፣ ሰው ይዞት ግብር ሰብሳቢው ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ ሲስተሙ ባይሠራም መሄዳችንን የሚያሳይ ደብዳቤ ገቢ አድርጎ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ቅጣትን ያስቀራል ብዬ አልምልም፣ ለክርክር ግን ወረቀት ይኖረናል።

የመጨረሻው ፈተና የጋሼ ዓመት ፈቃድ ነበር። የወር መጨረሻ ላይ እንዲያርፍ አድርገን ሰጠናቸው፣ ስልክ እንዳይነሳም ተስማማን። ማሳወቂያዎቹ በጊዜ ገቡ። አንድ ነገር ብቻ አቆመን፦ አንድ ደንበኛ ደረሰኙን የሚያመጣው ጋሼ ራሳቸው ሲደውሉለት ብቻ ነበር፣ የእኛን ስልክ አያነሳም። አሁን ሰነዱ ላይ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ስም ጎን «ማን ይደውልለት» የሚል አምድ አለ።