የመልስ ሒሳብ ልምምድ፦ ልክ የመሰለው 180 ብር

የአራተኛ ክፍሉ ተማሪ አሁን ጉሊት ተልኮ መልስ ቆጥሮ ይመጣል። ሙሉ ኪሎና ኪሎ ተኩል ብዙም አላስቸገሩትም። ያስቸገረው ሩብ ኪሎ ነው፤ ስህተቱን ደርሰው ያገኙትም አያቱ ናቸው።

500 ብር ይዞ ሄዶ ከአንዲት ሻጭ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በ85፣ ኪሎ ተኩል ቲማቲም በ60፣ ሩብ ኪሎ ቃሪያ ደግሞ ኪሎውን በ120 ሒሳብ ገዛ። በብጣሽ ወረቀቱ ላይ 170፣ 90 እና 60 ጽፎ 320 ብሎ ደመረ። ሻጯ ገበያተኛ በዝቶባት ስለነበር የነገራትን ድምር ተቀብላ 180 ብር መለሰችለት።

አያቱ መልስ ሲፈትሹ አይቀንሱም። ከድምሩ ተነሥተው ወደ ተሰጠው ብር ይቆጥራሉ፦ «320፤ 80 ሲጨመር 400፤ መቶ ሲጨመር 500።» ብሩን አንድ በአንድ ዘረጉት፤ አንድ መቶ፣ አንድ ሃምሳ፣ ሦስት አሥር። ልክ ነው። ለልጅ ይህ መንገድ በወረቀት ከመቀነስ በጣም ይሻላል፤ ከዜሮ ላይ መበደር የለበትማ። ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፦ ድምሩ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ስህተቱን ይዞ ልክ ይወጣል። ልጁ ደጋግሞ ቢቆጥረውም 180 የሚያገኘው ለዚህ ነው።

አያቱ ግን በዚህ አላቆሙም፤ ወረቀቱን ተቀብለው እያንዳንዱን ዕቃ ጠየቁ። ቃሪያው ላይ ሲደርሱ፦

«ሩቡን እንዴት አወጣኸው?»

«120ን ለሁለት ከፈልኩት።»

«እስቲ አራት ጊዜ ስልሳ ስንት ይሆናል?»

«240።»

«ኪሎውስ ስንት ነበር?»

ልጁ ዝም ብሎ 60ውን ሰረዘና 30 ጻፈ። ድምሩ 290፣ መልሱም 210 ሆነ። ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ፤ ሻጯም አብራው አስልታ ቀሪውን 30 ብር ሰጠችው።

ስህተቱ የተደበቀው 60 እንግዳ ቁጥር ስላልሆነ ነው። የ120 ግማሽ ነው፤ በዚያ ላይ የቲማቲሙም የኪሎ ዋጋ 60 ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል። ልጆች ሩብን ሲያሰሉ ግማሹ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ «ሩብ ማለት ለአራት ማካፈል ነው» ከማለት ይልቅ ሁለቱንም እርምጃ ጮክ ብሎ ማስባል ይሻላል፦ «120፣ ግማሹ 60፣ የግማሹ ግማሽ 30።» ከዚያ 30ን አራት ጊዜ ደምሮ ወደ 120 ይመለስ። የኪሎው ዋጋ እጥፍ ከመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የከፈለው፤ ግማሹ ከመጣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከፍሏል።

ዋጋው ለአራት እኩል በማይከፈልበት ጊዜ ይህ ፍተሻ ትንሽ ይዛነፋል። የ85 ብሩ ሽንኩርት ሩብ 21 ብር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ሻጭ 21 ወይም 22 ልትል ትችላለች። በአራት ሲባዛ 84 ወይም 88 ቢመጣ ዋጋው ተጠጋግቶ ነው እንጂ የሒሳብ ስህተት አይደለም። እንዲህ ያለው ዕቃ ከመመዘኑ በፊት ልጁ «ሩቡን ስንት ትይዪልኛለሽ?» ብሎ ጠይቆ የተባለውን ቁጥር ወዲያው ይጻፍ።