የግዴታ ሥነ ምግባር በአራት ዓረፍተ ነገር

የፈላስፋውን የካንትን የግዴታ ሥነ ምግባር ሐሳብ ፍልስፍና ላልተማረ ሰው በሚገባ መልኩ ለማሳጠር ስታገል ሰነበትኩ። ትናንት ፒያሳ፣ እዚሁ ደሴ፣ ለሁለት ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ማብራሪያ ሳይጠይቁ ወደ ክርክር ገቡ። ለኔ ትልቅ ነገር ነው። እነሆ፦

«አንድ ድርጊት ትክክል መሆኑ የሚለካው በሚያመጣው ውጤት ሳይሆን በተነሳበት መርሕ ነው። መርሑን ለመፈተን፣ ሁሉም ሰው እንዲከተለው ከራስህ ሳትጋጭ መፈለግ ትችል እንደሆነ ጠይቅ። ካልቻልክ፣ የቱንም ያህል ቢጠቅም አታድርገው። ሰውን ደግሞ እንደ መጠቀሚያ ብቻ አትየው።»

ጊዜዬን የበላው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙ ማጠቃለያዎች «ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ምን ይፈጠራል?» ብለው ያልፉታል። ይህ አጻጻፍ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። «አገር ይበላሻል» የሚል መልስ ይጋብዛል፤ ያኔ ዞረን ውጤት መቁጠር ጀመርን ማለት ነው።

ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳውን የብድር ምሳሌ ወደ ኮምቦልቻ እናምጣው። አንድ ሰው የቤት ኪራይ 5,000 ብር ጎደለው። ጓደኛውን «ደሞዝ ሲወጣ እመልሳለሁ» ይለዋል። እንደማይመልስ ግን ልቡ ያውቃል። መርሑ «ገንዘብ ሲቸግረኝ፣ እንደማልመልስ እያወቅኩ፣ እመልሳለሁ ብዬ እበደራለሁ» የሚል ነው። አሁን ይህን የሁሉም ሰው ልማድ አድርጉት። «እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል የሚያምን አይኖርም፤ አበዳሪው ስቆ ይሸኘዋል። ሰውየው ቃሉ እንዲታመንለት ይፈልጋል፤ መርሑ ለሁሉም ሲሆን ደግሞ የሚታመን ቃል አይኖርም። ጥፋቱ እዚህ ግጭት ላይ ነው። ጓደኛው ሀብታም ቢሆንና ብሩን ባያስታውሰው እንኳ ፍርዱ አይለወጥም።

መልሳችሁን በዚህ ለዩት፦ «ሰው ይጎዳል» ሳትሉ «ዕቅዱ ራሱን ያፈርሳል» ብላችሁ መቆም ከቻላችሁ ፈተናው ገብቷችኋል። ለጀማሪ ከብድሩ ቢነሳ ይሻላል። ካንት በ1797 የጻፈውን፣ ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው ቢጠይቅህ እንኳ አትዋሽ የሚለውን ክርክር አስቀድማችሁ ካመጣችሁ፣ ሰሚው ይናደድና ፈተናውን ሳያየው ይቀራል።

አንድ ጓደኛዬ ግን ጥሩ ቀዳዳ አገኘ። ሰውየው መርሑን «ማክሰኞ ዕለት 5,000 ብር ሲጎድለኝ» ብሎ ቢያጠበውስ? ሁሉም ማክሰኞ ለዚያችው 5,000 ብር ቢዋሽ ሌላ ቀን የሚሰጥ ቃል አይፈርስም። መልሴ፣ ረቡዕ ቢቸግረው ያው አይደል የሚያደርገው? እንግዲያው ማክሰኞ የመርሑ አካል አይደለም። የሚፈተነው በእውነት ያንቀሳቀሰው ነገር ነው። ይህ ግን ሁሉንም ቀዳዳ አይደፍንም። መርሑ ምን ያህል ሰፊ ተደርጎ መጻፍ እንዳለበት ፈላስፎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ አራቱ ዓረፍተ ነገሮቼም አይነኩትም። አምስተኛ እየሞከርኩ ነው፤ የተሻለ አጻጻፍ ያላችሁ ወዲህ በሉ።