ሁለት አራሚ፣ አንድ ድርሰት፦ መስፈርቱ የሚስተካከለው መቼ ነው?

የ10ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። የሴሚስተሩን ድርሰት የምናርመው እኔና አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ነን፤ ክፍሎቹን እንካፈላለን። ተማሪው ድርሰቱ የማን እጅ እንደሚገባ አያውቅም። አንድ ድርሰት እኔ ጋ ሲሆን 10፣ እሳቸው ጋ ሲሆን 7 የሚያገኝ ከሆነ ግን ውጤቱን የወሰነው ዕጣ ነው። ይህ ነገር ስለከነከነን ምን ያህል እንደምንስማማ በቁጥር ለማየት ወሰንን።

የማረሚያ መስፈርታችን አራት ነጥቦች አሉት፦ ይዘት፣ አደረጃጀት፣ ቋንቋ አጠቃቀም፣ ሆሄያትና ሥርዓተ ነጥብ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ይሰጠዋል። ከሁሉም ክፍሎች 50 ድርሰቶች በዕጣ አወጣን። ስሙን ሸፍነን ኮድ ሰጠናቸው። ነጥቡንም ድርሰቱ ላይ ሳይሆን ለየብቻ ወረቀት ላይ ነው የጻፍነው። ይህች ቀላል የምትመስል ነገር ወሳኝ ናት። የመጀመሪያው አራሚ ቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ካለ ሁለተኛው ሳያውቀው ይከተለዋል። ያኔ የሚለካው ስምምነት ሳይሆን ተጽዕኖ ነው። እስክንጨርስ ድረስም ስለ ድርሰቶቹ ላለማውራት ተስማማን።

አራቱን ነጥቦች ደምረን አላወዳደርንም። ድምር ይደብቃል። እኔ በይዘት አንድ ጨምሬ በሆሄያት አንድ ብቀንስ፣ እሳቸው ደግሞ በተቃራኒው ቢያደርጉ፣ ድምራችን እኩል ይሆናል። በሁለቱም ነጥብ ግን አልተስማማንም። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው አየነው። ጉዱ የወጣው ሆሄያት ላይ ነው።

| | እሳቸው 3 | እሳቸው 2 | እሳቸው 1 |
|---|---|---|---|
| እኔ 3 | 10 | 12 | 2 |
| እኔ 2 | 1 | 9 | 8 |
| እኔ 1 | 0 | 1 | 7 |

የተስማማንባቸው ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ በሰያፍ ያሉት ናቸው፦ 10፣ 9 እና 7። በድምሩ 26፤ ማለትም ከመቶ 52። ግማሹን ተስማምተናል ማለት ነው። ግን ከዚህ ውስጥ የአጋጣሚው ስንት ነው? እኔ ለ24 ድርሰቶች 3 ሰጥቻለሁ፤ እሳቸው ለ11። ሁለታችንም ሳናነብ በዚሁ መጠን ነጥብ ብናድል እንኳ 24 በ11 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል ወደ 5 የሚጠጉ ድርሰቶች ላይ ሁለታችንም 3 እንሰጥ ነበር። ለ2 እና ለ1ም እንዲሁ ስናሰላ የአጋጣሚው ስምምነት በድምሩ ወደ 16 ይደርሳል። ስለዚህ ከአጋጣሚ በላይ የተስማማነው 10 ድርሰት ላይ ብቻ ነው። ከአጋጣሚ በላይ መስማማት እንችል የነበረው ደግሞ 34 ላይ ነው። 10 ለ34 ሲካፈል 0.3 ገደማ ይመጣል።

ይህ ቁጥር ካፓ ይባላል። ጄኮብ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1960 ያቀረበው ነው። ሙሉ ስምምነት ሲኖር 1 ይሆናል፤ ስምምነቱ ልክ የአጋጣሚውን ያህል ሲሆን 0። በእጅም ይሰላል፤ ፓይተን ለሚነካካ ሰው ግን ይህ ይበቃል፦

```python
from sklearn.metrics import cohen_kappa_score
cohen_kappa_score(a, b)
cohen_kappa_score(a, b, weights="quadratic")
```

`a` የእኔ ነጥቦች ዝርዝር ነው፤ `b` የእሳቸው። የመጨረሻው መስመር የልዩነቱን ስፋት ይመዝናል። 3 እና 2 መስጠት ጎረቤት ነው፤ 3 እና 1 መስጠት ግን የባሰ ነው። በእኛ ሠንጠረዥ ያልተመዘነው ካፓ 0.30 ሲሆን የተመዘነው 0.53 መጣ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ልዩነታችን የአንድ ደረጃ ነው። 0.53 ሲታይ "ይሁን፣ ምንም አይል" ያሰኛል። እኔ ግን እዚህ ላይ መቆም አደገኛ ነው እላለሁ። ሠንጠረዡን እንደገና ተመልከቱት። ካልተስማማንባቸው 24 ድርሰቶች በ22ቱ ከፍ ያለውን ነጥብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ከፍ ያደረጉት በሁለት ብቻ ነው። የእኔ አማካይ 2.32፣ የእሳቸው 1.88። ልዩነቱ እዚህም እዚያም የተበተነ ቢሆን ኖሮ የትኩረት ማጣት ወይም የድካም ነው ይባል ነበር። ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ግን ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ሕግ እየተከተሉ ነው ማለት ነው።

ሕጉን ለማግኘት በጣም የተራራቅንባቸውን ሁለት ድርሰቶች አወጣን፤ እኔ 3፣ እሳቸው 1 የሰጠንባቸውን። በአንደኛው ላይ ተማሪዋ "ሰራዊት"፣ "አመት"፣ "ጸሀይ" ብላለች። ባልደረባዬ ሁሉንም አስምረውባቸዋል።

"ሠራዊት በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው" አሉኝ። "ዓመት በዐይኑ ዐ። ፀሐይ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። ይኼን ካላረምን ምን ልናርም ነው?"

"እርስዎ ያሉት ትክክል ነው" አልኳቸው፤ "ግን መስፈርቱ ላይ የለም።"

አብረን አነበብነው። ደረጃ 3 "ሆሄያትን በአግባቡ ይጠቀማል" ይላል። ደረጃ 2 "አልፎ አልፎ ስሕተት ይታይበታል"። ደረጃ 1 "ስሕተት ይበዛበታል"። ሞክሼ ፊደላትን ማለዋወጥ ስሕተት ነው ወይስ አይደለም? አይናገርም። አንድ ቃል አምስት ጊዜ ቢሳሳት አምስት ነው አንድ? አይናገርም። ስንት ሲሆን ነው "አልፎ አልፎ" የሚባለው? እሱንም አይናገርም። እሳቸው በሥርወ ቃሉ ሄዱ፤ እኔ የዛሬ ጋዜጣ እንደሚጽፈው አየሁ። ሁለታችንም መስፈርቱን አልጣስንም። መስፈርት መስተካከል አለበት የምለው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ሁለት አራሚዎች ሁለቱም ጽሑፉን ጠብቀው የተለያየ ነጥብ ላይ ሲደርሱ። አንደኛው ጽሑፉን ዘንግቶት ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው ሥልጠና እንጂ አዲስ መስፈርት አይደለም።

የአደረጃጀት ነጥብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠን። እዚያ 42ቱ ላይ፣ ከመቶ 84፣ ተስማምተናል። ካፓው ግን 0.13! መጀመሪያ ስሌቱ የተበላሸ መስሎን ነበር። አልተበላሸም። እያንዳንዳችን ለ45 ድርሰቶች 2 ሰጥተናል። ከሞላ ጎደል ሁሉም 2 ከሆነ በአጋጣሚ ብቻ 41 ገደማ ላይ መስማማት ይጠበቃል፤ ስለዚህ 42 ብዙ አያስደንቅም። ካፓ እንዲህ ነው፤ ነጥቦቹ አንድ ደረጃ ላይ ሲከማቹ ይወድቃል። ታዲያ ጥፋቱ የመስፈርቱ ነው ወይስ የናሙናው? ለማጣራት ጎበዝም ደካማም ተማሪዎች ያሉበትን ሌላ ስብስብ ሆን ብለን መርጠን እንደገና አረምን። ካፓው 0.68 ሆነ። መስፈርቱ ጥሩንና ደካማን መለየት ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች ናቸው በአደረጃጀት የሚመሳሰሉት። የአደረጃጀቱን መግለጫ አልነካነውም። ሁለተኛው ስብስብ ላይም ሁሉም 2 ቢያገኝ ኖሮ ደረጃ 2 ሁሉን የሚውጥ ሰፊ መግለጫ ነው ብለን እንከፍለው ነበር።

በይዘት ላይ ልዩነታችን ወዲህም ወዲያም ነበር፤ አንዴ እኔ፣ አንዴ እሳቸው ከፍ እናደርጋለን። ግን ሁልጊዜ በ2 እና በ3 መካከል ነው። እዚህ ላይ በጣም የጠቀመን ራስን ከራስ ጋር ማወዳደር ነው። የተወሰኑትን ድርሰቶች ጊዜ አሳልፈን፣ የቀድሞውን ነጥብ ሳናይ፣ እያንዳንዳችን እንደገና አረምን። ሁለታችንም በዚያው ድንበር ላይ ከራሳችን ጋር ሳይቀር አልተስማማንም። አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሲለያይ ጥያቄው የአመለካከት አይደለም፤ መግለጫው መያዣ የለውም ማለት ነው። "በቂ ማስረጃ ያቀርባል" ነበር የሚለው። "ቢያንስ ሁለት ምክንያት፣ ከነዚህም ቢያንስ ለአንዱ የተለየ ምሳሌ ያቀርባል" አልነው። ቋንቋ አጠቃቀም ችግር አልነበረበትም።

የሆሄያቱን መግለጫ ስናስተካክል ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ባልደረባዬ ለሞክሼዎቹ ያላቸውን ክብር እኔም እጋራለሁ። ግን በዚህ ክፍል ደረጃ ያላስተማርነውን መቅጣት እንደሌለብን ተስማማን። እንዲህ ጻፍነው፦ ሞክሼ ፊደላትን ማለዋወጥ አይቆጠርም፤ አንድን ቃል በአንድ ድርሰት ውስጥ በሁለት ዓይነት መጻፍ ግን እንደ አንድ ስሕተት ይቆጠራል። የተደጋገመ አንድ ዓይነት ስሕተት አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። በአንድ ገጽ እስከ 3 ስሕተት ደረጃ 3፣ ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 1። ከመግለጫው ሥር ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ የታረመ ድርሰት አያያዝን። እውነቱን ለመናገር፣ ከቃላቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው ናሙና ነው።

ከዚያ አዲስ 50 ድርሰቶች። የድሮዎቹን እንደገና ማረም ዋጋ የለውም፤ ተነጋግረንባቸዋል፣ መልሱን እናስታውሰዋለን። በሆሄያት በአዲሶቹ በ41ዱ ተስማማን፤ ካፓው 0.72። ካልተስማማንባቸው 9 ድርሰቶች በ5ቱ እኔ፣ በ4ቱ እሳቸው ከፍ አድርገዋል። ከካፓው መጨመር ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ነው፤ ማጋደሉ ጠፍቷል። አንድም ድርሰት 3 እና 1 አልተሰጠውም።

0.72 ይበቃል ወይ? ላንዲስና ኮክ በ1977 ባወጡት ደረጃ ከ0.61 እስከ 0.80 ጠንካራ ስምምነት ይባላል። ድንበሮቹ በዘፈቀደ እንደተሰመሩ ግን ራሳቸው ተናግረዋል። በዚያ ላይ 50 ድርሰት ትንሽ ነው። ግምታዊ ስሕተቱን ሳሰላው እውነተኛው ካፓ ከ0.56 እስከ 0.89 የትም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ደግሞ ከ0.09 እስከ 0.50 ነበር። ሁለቱ ስለማይነካኩ መሻሻሉ የአጋጣሚ አይመስለኝም። ካፓው ከ0.60 በታች ከሆነ ወይም ልዩነቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ፣ ሁለቱን በጣም የተራራቁ ድርሰቶች አውጥተን መግለጫውን እናነባለን ብለን ተስማምተናል። 0.60 የእኛ ምርጫ ነው፤ ለክፍል ፈተና የሚሆን። ተማሪ የሚያልፍበትና የሚወድቅበት ፈተና ቢሆን ከፍ አደርገው ነበር።

ቀደም ሲል የታረሙትን የሆሄያትና የይዘት ነጥቦች በአዲሱ መግለጫ እንደገና አረምናቸው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሦስተኛ አራሚ ይጨመራል። የኮኸን ካፓ ለሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ጥንድ ጥንድ እያደረግን ሦስት ሠንጠረዥ እንሠራለን፤ መጀመሪያ የማየውም አዲሱ መምህር ወደየትኛው ወገን እንደሚያጋድል ነው።