ያልተረፈው 440,000 ብር

ጥር ላይ ነው። የስድስት ወሩ ሒሳብ ተዘግቷል። ኃላፊያችን ለማኔጅመንት ስብሰባ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ፈለጉ። «የቱ ጋ አለፍን፣ የቱ ጋ ተረፈን? ሌላውን ተዉት» አሉ። የሒሳብ ክፍል የላከው ሪፖርት ግን እንደተለመደው ገጽ በገጽ ኮድና ቁጥር ነው። እኔ ዕቅድና በጀት ክፍል ስለነበርኩ፣ ማጠቃለያውን ያረቀቀው አዲስ የተቀጠረው ባልደረባችን ወረቀቱን እንዳይለት አመጣልኝ።

ጽሑፉ ጥሩ ነበር፣ ቀለል ያለ። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በውሎ አበል 440,000 ብር ተርፏል።» ይህን ሰው በስብሰባ ላይ ቢያነብ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። የቢሮ ዕቃ የሚጠብቁ ክፍሎች አሉ፤ ገንዘቡ ይዛወርልን ይላሉ።

የልጁ ስሌት ትክክል ነው። ሪፖርቱ ላይ የውሎ አበል ኮድ 6231 የጸደቀ በጀቱ 1,800,000 ብር ነው። ጥቅምት ላይ 300,000 ወደ ነዳጅ ስለተዛወረ የተስተካከለው በጀት 1,500,000 ሆኗል። የስድስት ወር ዕቅዱ ደግሞ 750,000፣ ወጪው 310,000። ልዩነቱ 440,000።

ነገር ግን ታኅሣሥ ሙሉ ሰው መስክ ላይ ነበር። ቢሮው ባዶ ሆኖ ስልክ የሚያነሳ እንኳ ጠፍቶ ነበር። ታዲያ አበሉ እንዴት ተረፈ?

ወደ ሒሳብ ክፍል ወርደን ነባሯን የሒሳብ ባለሙያ ጠየቅናት። ሣቅ አለች። «ልጄ፣ ወጪ የሚባለው የተወራረደው ነው» አለችው። ሠራተኛ ለመስክ ሲወጣ ገንዘቡን በቅድሚያ ይወስዳል። ያ ብር ከባንክ ወጥቷል፤ ግን በስሙ ተሰብሳቢ ሆኖ ይቀመጣል። ሰነዱን አምጥቶ እስኪያወራርድ ድረስ 6231 ላይ አይመዘገብም። የተሰብሳቢውን ዝርዝር አወጣችልን፦ ለውሎ አበል ተወስዶ ያልተወራረደ 380,000 ብር። ከ310,000 ጋር ሲደመር በእጅ የወጣው 690,000 ይሆናል። እውነተኛው ቅናሽ እንግዲህ 60,000 ብቻ ነው።

የበጀት ሪፖርቱ ብቻውን ይህን አይነግርህም። ምልክቱ ግን አለ። ሥራው መሠራቱን እያወቅህ ወጪው ትንሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትፈልገው ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። የደንብ ልብስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። 6211 ላይ ወጪው ዜሮ ነበር። እዚያ ምንም የተደበቀ የለም፤ ግዢው በወርሃዊ የገንዘብ ፍሰት ዕቅዱ ላይ ለመጋቢት ነው የተያዘው። ዓመቱን ለሁለት የሚያካፍል ሰው ግን ይህንንም «ተረፈ» ይለዋል።

ነዳጁ ላይ ብዙ ቆየን። 6217 የጸደቀለት 900,000 ነው፤ ከውሎ አበሉ የመጣው 300,000 ሲጨመር 1,200,000። የስድስት ወሩ ዕቅድ 600,000፣ ወጪው 780,000። ልጁ «በ30 ከመቶ አልፏል» ብሎ ጽፏል። መጀመሪያ ከጸደቀው በጀት ግማሽ፣ ከ450,000 ጋር ቢያስተያየው ኖሮ 73 ከመቶ ይሆን ነበርና የተስተካከለውን መውሰዱ ተገቢ ነው። ግን 30 ከመቶ ለኃላፊ ምን ይነግረዋል? ሹፌሮቹን ይቆጣ ወይስ የነዳጅ ማደያውን?

ስለዚህ ከስምሪት ክፍል የሊትሩን መዝገብ ጠየቅን። ዕቅዱ 6,000 ሊትር ናፍጣ በ100 ብር ነበር። የተቀዳው 6,500 ሊትር፣ በአማካይ በ120 ብር። 20 ብሩን በ6,500 ስናባዛው 130,000፤ ይህ የዋጋ ነው። ትርፉ 500 ሊትር በ100 ብር 50,000፤ ይህ የእኛ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 180,000 ይሞላሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ተስተካክሎ አይገጥምም። የተቀዳው ሊትር ከክፍያ ሰነዱ ጋር ካልተመሳከረ ደግሞ ባይሠሩት ይሻላል።

ማጠቃለያው ላይ በመጨረሻ የገባው ይህ ነው፦

«ውሎ አበል፦ ከዕቅዱ በ60,000 ብር ያነሰ ወጥቷል። ሪፖርቱ 440,000 ቀሪ የሚያሳየው ሠራተኞች የወሰዱትን 380,000 ስላላወራረዱ ነው። ሊዛወር አይገባም።

ነዳጅ፦ ከዕቅዱ 180,000 ብር አልፏል። 130,000 በዋጋ ጭማሪ፣ 50,000 ብዙ በመቀዳቱ።»

ስብሰባው ላይ የዕቃው ጥያቄ ወዲያው ቆመ። ያላወራረዱት ሰዎች ስም ዝርዝር ለየክፍሉ እንዲደርስ ተወሰነ፤ የሁለት የማኔጅመንት አባላት ስምም አለበት። የ130,000ው ጉዳይ ብዙ አላነጋገረም፤ ዋጋውን የሚያውቀው ያውቀዋል። ኃላፊው ብዕራቸውን 50,000 ላይ አሳርፈው «500 ሊትሩ የት ሄደ?» አሉ። የስምሪት ኃላፊው መዝገቡን ገለጠ። ሁለት መኪኖች ኅዳር ላይ ለሌላ መሥሪያ ቤት በትብብር ተሰጥተው ነበር፤ ነዳጁን የሞላነው እኛ ነን። የነዳጅ ወጪው እንዲተካልን የሚጠይቅ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ወጣ።