«ስለ እኛ» የሚለው ገጽ
ዛሬ ጅማ መርካቶ ቡና እየጠጣን ታናሽ ወንድሜ ሊቀጠርበት ያሰበውን የቡና ላኪ ድርጅት «ስለ እኛ» ገጽ አብረን አነበብን። «ግንባር ቀደም»፣ «ተመራጭ» ይላል። በማን ተመራጭ? ይሄ የሚጣራ ነገር ስላልሆነ አለፍነው። ቆም ያልነው «አይኤስኦ ሰርተፍኬት ሰጥቶናል» የሚለው ላይ ነው። አይኤስኦ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የጥራትና የአሠራር ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ የሚሰጠው መርምሮ የሚያረጋግጥ ሌላ ድርጅት ነው። የዚያ ድርጅት ስም፣ የሰርተፍኬቱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የትኛውን ሥራ እንደሚሸፍን፣ አንዱም ገጹ ላይ የለም። የቢሮ አሠራሩን ብቻ ይሁን የቡና ማጠቢያውንም ጭምር በምን ይታወቃል? ወንድሜ እዚያው ደውሎ ጠየቃቸው። «ኮፒውን እንልክልሃለን» አሉት። እስከ ማታ አልመጣም። ነገ የንግድ ፈቃዳቸውን እናጣራለን፣ ፈቃድ ስላላቸው ብቻ ደሞዝ በሰዓቱ ይከፍላሉ ማለት እንዳልሆነ ግን ነግሬዋለሁ።